በንግግር ጽሑፍ ውስጥ የሚጻፍ ዝምታና የዓይን ምልክት፦ የእድር ጉባኤ ተናጋሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥሁ ወዲህ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚነበበውን ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የሌሎች እድሮች ጸሐፊዎች፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዎችና የማኅበር ተጠሪዎች መጥተው የሚያነሱልኝ ችግር አንድ ዓይነት ነው፦ «ሕዝቡ አያዳምጥም፤ ምን ይሻላል?» መልሴ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ይጀምራል። ምሳሌዎቼን በሙሉ ከእድር ጉባኤ ወስጃለሁ። እሑድ ረፋድ ላይ፣ በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ በአግዳሚ ወንበር ከተቀመጡ 180 ያህል ሰዎች ፊት ቆሞ ስለ ገንዘብ መናገር ለዚህ ጉዳይ ከባዱ ፈተና ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የተጻፈ ዝምታ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ተናጋሪው ቃል ሲጠፋበት ወይም መስመር ሲስት የሚፈጠረውን ዝምታ ማለታችን አይደለም። አስቀድሞ ታስቦበት፣ ቦታውና ርዝመቱ ተወስኖ፣ ከቃላቱ ጋር አብሮ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ነው። የዓይን ምልክትም እንደዚሁ ነው፤ የትኛው ቃል ላይ ቀና እንደሚሉና ወደየት እንደሚመለከቱ በጽሑፉ መሐል ይታያል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን የዜማ ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ቁርጡን እያዩ ነው ድምፃቸውን የሚያነሡትና የሚገቱት። ከቃሉ እኩል አባባሉም ሊጻፍ እንደሚገባ ሊቃውንቱ ከእኛ በፊት ተረድተውታል። የእድር ጸሐፊ ያን ያህል ረቂቅ ነገር አያስፈልገውም፤ ሦስት ወይም አራት ምልክት ይበቃዋል።

በቃሌ ባስታውሰው አይሆንም? መጻፉ ለምን አስፈለገ?

አይሆንም። መድረክ ላይ ልብ ሲመታ ጊዜ ይረዝማል። አንድ ሰከንድ ዝም ያለ ሰው አምስት ሰከንድ የቆየ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይቸኩላል። ሕዝቡ መንጫጫት ሲጀምር ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፍጥነት ጨምሮ ቶሎ ለመጨረስ ይጣደፋል። በዚያች ሰዓት «እዚህ ላይ ቆም እላለሁ» ብሎ ቤቱ ያሰበውን የሚያስታውስ ሰው አላየሁም። ወረቀቱ ላይ በቀይ የተጻፈች «ዝም» የምትል ቃል ግን ታስቆመዋለች።

ሕዝቡ ሲንሾካሾክ ዝም ማለት እንዴት ሊያረጋጋው ይችላል? ጭራሽ ሜዳውን መልቀቅ አይሆንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈራውም ይህንኑ ነው። የጎንዮሽ ወሬ የሚያድገው በተናጋሪው ድምፅ ተከልሎ ነው። ሪፖርቱ ያለ ማቋረጥ፣ በአንድ ዓይነት ቃና ሲንቆረቆር ጆሮ ይለምደውና እንደ ዝናብ ድምፅ ይቆጥረዋል። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወሩ ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው ይሸፈናል። ማጉያው በድንገት ዝም ሲል ሽፋኑ ይነሣል። ወሬኛው የራሱን ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቱም ይሰማዋል፤ ቃሉን ሳይጨርስ ያቆማል። የለመዱት ድምፅ ሲቋረጥ ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩትም ምን ተፈጠረ ብለው ቀና ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ዝምታው የሚይዘው ከእሱ በፊት የተነገረው ዓረፍተ ነገር ሰውን የሚነካ ነገር ከያዘ ብቻ ነው። «የእድራችን ጽሕፈት ቤት አራት ወንበሮችን አስጠግኗል» ብለው ለአምስት ሰከንድ ዝም ቢሉ ሕዝቡ መስመር የጠፋብዎ ይመስለዋል። «ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ለአራት ቤት ብቻ የሚበቃ ነው» ብለው ዝም ቢሉ ግን እያንዳንዱ አባል በልቡ የራሱን ቤት ይቆጥራል። ቀና ያለው ሰው የሚያስበው ነገር ማግኘት አለበት።

ታዲያ ዝምታው የት ቦታ ላይ ይጻፍ?

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የቋንቋችን ጠባይ ነው። በአማርኛ ነገሩ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ፣ በማሰሪያ አንቀጹ ነው። «ባለፈው ዓመት ከተሰበሰበው መዋጮ ውስጥ ለቢሮ ሥራ የዋለ ገንዘብ…» ብለው እስከዚህ ድረስ ምንም አልተናገሩም። «አለ» ይሁን «የለም» የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። አዳማጩ እስክትመጣ ይጠብቃል።

የብዙ ተናጋሪ ጥፋት ታዲያ ይህችን ቃል መግደል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዓይኑ ቀጣዩን መስመር ፍለጋ ወደ ወረቀቱ ይወርዳል፤ አገጩም አብሮ ይወርዳል፤ አፉ ከማይክሮፎኑ ይርቃል፤ ትንፋሹ ያልቅበታል። «አልጎደለም» የሚለው ቃል «…ደለም» ሆኖ ይሰማል፤ ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ ጎደለ ወይስ አልጎደለም ብሎ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል። አዳራሹ ውስጥ የምንሰማው ሹክሹክታ አብዛኛው የንቀት አይደለም። ማሰሪያው ያመለጠው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ በተሰብሳቢው መናደድ ትቻለሁ።

ስለዚህ ዋናው ዝምታ ከማሰሪያው በኋላ ይጻፋል፤ የዓይን ምልክቱ ግን ከማሰሪያው በፊት፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ሲቀር ይገባል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ዓይን ይነሣል፣ የመጨረሻዎቹ ቃላት ሰው እየታየ ይነገራሉ፣ ዝም ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዓይን ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። የዓይኑን ምልክት ከአራት ነጥቡ በኋላ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ማሰሪያው ለወረቀቱ ተነግሮ አልፏል።

ከማሰሪያው በፊት የሚቀመጥም ዝምታ አለ፤ እኔ ማንጠልጠያ እለዋለሁ። «ወርሃዊው መዋጮ ከጥር ወር ጀምሮ…» ብሎ ለአንድ አፍታ ቆም ማለት ነው። ሕዝቡን በእርግጥ ይሰቅለዋል። ነገር ግን በአንድ ንግግር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይጻፍ፤ ከአንድ ሰከንድም አይለፍ። ከረዘመ አንዱ ከኋላ ሆኖ «አይጨምርም!» ብሎ ይሞላልዎታል፤ ከዚያ በኋላ መድረኩን መልሶ መረከብ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። አከራካሪ ጉዳይ ላይ ማንጠልጠያ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ።

ስንት ሰከንድ ዝም ይባል?

ሰከንድ አይቁጠሩ። የፈራ ሰው ሲቆጥር ይፈጥናል። እኔ የምጽፈው በትንፋሽ ነው። በአፍንጫ ቀስ ብለው ስበው ቀስ ብለው ሲለቁት አንድ ትንፋሽ ወደ 4 ሰከንድ ይጠጋል። ለአጭሩ ማረፊያ አየር መሳብ ብቻ ይበቃል፤ ለዋናው ዝምታ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ነው፤ እጅግ ለከበደው ቦታ ሁለት ትንፋሽ። ከሁለት በላይ በእድር ጉባኤ ላይ ጽፌ አላውቅም፤ ሕዝቡ ተናጋሪው አመመው እንዴ ማለት ይጀምራል። ለሙታን የኅሊና ጸሎት የሚደረገው ዝምታ ሌላ ነው፤ እሱ የሁሉም ነው፤ አስቀድሞ ይታወጃል።

ብዛቱን በተመለከተ ለሰባት ደቂቃ ንግግር ሦስት ዋና ዝምታ በቂ ነው። አንዱ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ይሆናል። ይህኛውን ብዙዎች ይረሱታል፤ ወደ ማይክሮፎኑ እየሄዱ መናገር ይጀምራሉ ወይም «ይሰማል? ይሰማል?» እያሉ ማይክሮፎኑን ይመታሉ። ማይክሮፎኑ ሰው ሳይሰበሰብ ይሞከር። ሲቆሙ እግርዎን ተክለው፣ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው እያዩ አንድ ትንፋሽ ይጠብቁ። የወንበሩ መንቋቋት ሲቆም ይጀምሩ።

የዓይን ምልክት ላይ ምን ይጻፋል? «ሕዝቡን እይ» ብል አይበቃም?

«ሕዝቡን እይ» የሚል ምልክት ዋጋ የለውም። ሕዝብ አይታይም፤ የሚታየው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የተጻፈለት ተናጋሪ ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቬንትሌተር ያዞራል፤ ማንንም አላየም፤ ማንም እንደታየ አልተሰማውም። ምልክቱ ቦታን ይጥቀስ፦ «ኋላ ግራ»፣ «መሐል»፣ «በሩ አጠገብ»፣ «ቀኝ፣ ሴቶቹ የተቀመጡበት»። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰው መርጠው አንድ ሐሳብ እስኪያልቅ ድረስ ለእሱ ይንገሩት፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገሩ።

ከርቀት አንድን ሰው ሲያዩ በዙሪያው ያሉትም እኔን ነው የሚያየው ይላሉ። ከመድረክ 15 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በትክክል ወደ ማን እንደሚያይ መለየት አይችልም። ስለዚህ ኋላ ያለ አንድ ሰው ሲመረጥ አንድ አግዳሚ ሙሉ ይያዛል። ፊት ለፊትዎ ያለውን ሰው ሲያዩ ግን እሱን ብቻ ነው የያዙት። የእኛ ተናጋሪዎች ልማድ ተቃራኒው ነው፤ ፊት ለተቀመጡት የክብር እንግዶችና ሽማግሌዎች ብቻ ይናገራሉ። ፊት የተቀመጠው ግን ድሮም እያዳመጠ ነው። የሚረብሸው ኋላና በሩ አጠገብ ያለው ነው። ከስምንት የዓይን ምልክት አምስቱን ወደ ኋላ እጽፋለሁ።

ታላላቆችን ትኩር ብሎ ማየት ነውር አይደለም?

ነው፤ አንዳንድ የንግግር ሥልጠናዎች ይህን ሳያስቡበት «ዓይን ለዓይን ተመልከቱ» ብለው ማለፋቸው ያሳዝነኛል። እኛ ዘንድ ወጣት ሽማግሌ ላይ ካፈጠጠ ደፋር ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው እውነት ቢሆንም አይሰማም። ወጣት ጸሐፊዎች ይህን የሚያልፉበት መንገድ አለ። ሽማግሌዎችን የሚያዩበት ቃል ተመርጦ ይጻፍ፤ ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ «አባቶቻችን ባቆዩልን ደንብ መሠረት» የሚለው ሐረግ። በእነዚህ ላይ ጎንበስ ብሎ ማየት አክብሮት ነው። ስለ ውዝፍ መዋጮ፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ ቀሪ ሲነገር ግን ዓይን ሽማግሌ ላይ ፈጽሞ አይረፍ፤ አባት ሆይ እርስዎ ነዎት ባለ ዕዳው ማለት ይመስላል። በእውነት ዕዳ ያለበት ሰው ላይም አይረፍ። በእንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ላይ የምጽፈው ምልክት «ዓይን፦ ገንዘብ ያዥ» ነው። ገንዘብ ያዡ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ማንም አይከፋውም፤ ጉዳዩም የሒሳብ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

በዓይን ዓይንን መግጠም ለሚከብደው ሰው ደግሞ ግንባር ወይም ነጠላው የተጣለበት ትከሻ ይበቃዋል፤ ከመድረክ ርቀት ልዩነቱ አይታወቅም።

አንድ ምሳሌ ከነምልክቱ ሊያሳዩን ይችላሉ?

አንድ ዓመት ወርሃዊውን መዋጮ ከ60 ብር ወደ 100 ብር ለማሳደግ አቅደን ነበር። ሪፖርቱን 11 ደቂቃ ሙሉ ቀና ሳልል አነበብሁት። ስለ ድስትና ስለ ወንበር ግዢ የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ግማሹ አዳራሽ በየጎኑ ወሬ ይዞ ነበር፤ ስለ መዋጮው ያለው አንቀጽ ሲመጣ የሰማው ሰው «መቶ ብር» የሚለውን ብቻ ነው። ለምን የሚለው ሳይደርሰው ተነሥቶ ተቃወመ። ሐሳቡ ወደቀ።

በቀጣዩ ዓመት የዕቃ ግዢውን ዝርዝር አባዝቼ በር ላይ እንዲታደል አደረግሁና ንግግሩን ወደ ሰባት ደቂቃ አሳጠርሁት። አጀማመሩ እንዲህ ተጽፎ ነበር። አንዷ ሰያፍ መስመር አየር መሳቢያ ናት፤ ሁለቷ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ናቸው፤ በቅንፍ ያለው በቀይ የተጻፈ ነው።

> [ቁም። ወረቀቱን አስቀምጥ። ዝም፣ አንድ ትንፋሽ። ዓይን፦ በሩ አጠገብ]
>
> የተከበራችሁ የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ [ዓይን፦ ሽማግሌዎች፣ ጎንበስ] /
>
> ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ሰው [ዓይን፦ መሐል] አብረን ቀብረናል። //
>
> ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ሺህ ብር [ዓይን፦ ቀኝ፣ ሴቶቹ] በዕለቱ ሰጥተናል። /
>
> አንድም ቤት [ዓይን፦ ኋላ ቀኝ] አልቀረብንም። /
>
> ዛሬ ሣጥናችን ውስጥ ያለው ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ነው። /
>
> ይህ ገንዘብ ለአራት ቤት ብቻ [ዓይን፦ ኋላ ግራ] የሚበቃ ነው።
>
> [ዝም፣ ሁለት ትንፋሽ። ወረቀቱን አትይ]

የምልክቶቹን ምክንያት ልግለጽ። «አብረን ቀብረናል» ካልሁ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ የሰጠሁት አዳራሹ ውስጥ ሐዘንተኞች ስላሉ ነው፤ በዚያ ላይ ተንደርድሮ ማለፍ ጭካኔ ይሆናል። «ስምንት ሺህ ብር» በአጭር ማረፊያ ብቻ ታለፈች፤ ሰው የሚያውቃት ቁጥር ናት። «ለአራት ቤት ብቻ» የምትለዋ ላይ ወደ ኋላ ግራ የተመለከትሁት ባለፈው ዓመት ተቃውሞው ከዚያ ስለተነሣ ነው። ነገር ግን ከተቃዋሚዎቹ አንዱን አላየሁም፤ ያየሁት አጠገባቸው የሚቀመጡትን፣ ሁልጊዜ በጸጥታ የሚያዳምጡትን አንዲት እናት ነው። እሳቸው ዓይኔን ሲያዩ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱን ትንፋሽ ስጠብቅ የተሰማኝ ድምፅ የአንድ ሕፃን ማልቀስና የቆርቆሮው መንጣጣት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ «መቶ ብር» የምትለዋን ቃል ያለ ምንም ዝምታ፣ በዓረፍተ ነገሩ መካከል አሳልፌ፣ ወዲያው «ይህም ከአራት ቤት ወደ አሥራ ሁለት ቤት ያደርሰናል» ወደሚለው ተሻገርሁ፤ ዝምታውን ያሳረፍሁት «ያደርሰናል» ላይ ነው። ዝምታ ከእሱ በፊት ያለውን ነገር ያገዝፋል። ሕዝቡ እንዲያሰላስል የፈለግሁት ዋጋውን ሳይሆን የሚያገኘውን ነበር። ክርክር አልቀረም፤ ሁለት ሰዓት ያህል ተከራክረናል። የተከራከሩት ግን ሁሉም የሰሙትን ነገር ይዘው ነው፤ በመጨረሻም በ80 ብር ተስማማን።

ዝም ስል ጫጫታው ቢብስስ?

መጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከሆነ፣ ጄኔሬተር ከደጅ የሚጮኽ ከሆነ ወይም ማጉያው የሚያስተጋባ ከሆነ ዝምታ አይሠራም፤ ድምፅዎና ዝምታዎ ለኋለኛው ሰው አንድ ናቸውና። ዝናቡ እስኪያባራ ጉባኤውን ማቋረጥ ይሻላል። ምሳ እየሸተተ ከሆነም በዝምታ አይታገሉ፤ ያሳጥሩ።

መልካም ዝምታና የሞተ ዝምታ በአንገት ይለያሉ። መልካሙ ላይ አንገቶች ወደ እርስዎ ይዞራሉ፤ የሚንቀሳቀስ አግዳሚ አይኖርም። የሞተው ላይ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሳል ይጀመራል። የመጀመሪያዋ ሳል ስትሰማ ዝምታው አልፏል፤ ይቀጥሉ።

ጫጫታው የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ በዝምታው ጊዜ ረባሾቹ ላይ አያፍጥጡ። ሲፈጠጥበት የሚያፍር አለ፤ የሚጋጠምም አለ፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው አያውቁም። ከአጠገባቸው የሚያዳምጥ ሰው ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ እሱ ራሱ በክንዱ ይነካቸዋል።

ሆን ብሎ ሊያስቆምዎ የተነሣ ሰው ፊት ደግሞ የሚያዋጣው ጽሑፉን ትቶ መቆም ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቀርቡ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ረበሹ። ንጉሠ ነገሥቱ አልተከራከሩም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁና በአማርኛ ንግግራቸውን አሰሙ። ያ ዝምታ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር እንዲህ ባለ ሰዓት ሥርዓት ማስከበር የተናጋሪው ሥራ አለመሆኑ ነው። የእድሩ ዳኛ አጠገብዎ ተቀምጠው ከሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ እሳቸው ሥርዓት ያስከብራሉ፤ እርስዎ ቆመው ይጠብቃሉ።

ወረቀቱ ምን ይምሰል?

ፊደሉ ጎላ ይበል፤ በኮምፒውተር ከተጻፈ ከ16 ነጥብ አይነስ፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው 20 ይሁን። አንድ ሐሳብ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ገጹ እስኪሞላ አይጠቅጠቅ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ንግግራቸው እንደ መዝሙረ ዳዊት በአጫጭር ስንኝ ተሰባብሮ እንዲጻፍላቸው ያደርጉ ነበር፤ ዓይን ቀና ብሎ ሲመለስ ቦታውን የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። የገጹን የታችኛውን ሢሶ ባዶ ይተዉት፤ ዓይን ወደዚያ ሲወርድ አገጭም አብሮ ይወርዳልና። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር። ቁጥር በፊደል ይጻፍ፤ «32,000» ላይ ዓይን ይደናቀፋል፤ «ሠላሳ ሁለት ሺህ» ላይ አይደናቀፍም። ምልክቶቹ በቀይ እስክሪብቶ ይሁኑ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ሊለይ የሚገባውን ቃል በቀይ ቀለም ይጽፉት የነበረው ዓይን ቶሎ ስለሚያገኘው ነው።

በሚናገሩበት ጊዜ የግራ አውራ ጣትዎ ያሉበት መስመር ጠርዝ ላይ ይሁን። ቀና ሲሉ ጣቱ አይነሣ፤ ሲመለሱ የሚቀጥለውን መስመር ያሳይዎታል። በዝምታ ላይ መስመር የማጣት ፍርሃት በዚህች ጣት ምክንያት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እንዴት ልለማመድ?

ቆመው፣ ድምፅዎን አውጥተው፣ በስልክዎ እየቀዱ ሦስት ጊዜ ያንብቡ። ከዚያ ቅጂውን ሲያዳምጡ ቃላቱን ትተው ዝምታዎቹን ብቻ በሰዓት ይለኩ። አንድ ትንፋሽ ብለው የጻፉት 2 ሰከንድ እንኳ ያልሞላ ሆኖ ያገኙታል። እንደገና ይቅዱ። ለዓይኑ ደግሞ ሳሎን ውስጥ አራት ወንበር በአራት ማዕዘን አስቀምጠው «ኋላ ግራ»፣ «በሩ አጠገብ» ብለው ስም ይስጧቸው።

በዙም በሚደረግ ስብሰባስ ይሠራል?

በውጭ አገር ያሉ ማኅበሮችና እድሮች ብዙ ጊዜ ይህን ይጠይቁኛል። ዝምታው በእጅጉ ማጠር አለበት። ከ2 ሰከንድ ካለፈ ሰው ኢንተርኔቱ ተቋረጠ ብሎ «አይሰማም» ማለት ይጀምራል። ፊትዎ እየታየ ከሆነ አንገትዎን በትንሹ ነቅነቅ ማድረግ መኖርዎን ያሳያል። የዓይን ምልክቱ አንድ ብቻ ይሆናል፤ «ካሜራ» የሚል። የሰዎቹን ፊት ስክሪኑ ላይ እያዩ ሲናገሩ ለእነሱ ወደ ታች የሚያዩ ነው የሚመስለው። ስለዚህ በየማሰሪያው ካሜራውን ማየት፣ በቀረው ጊዜ ስክሪኑን ማየት ይበቃል።

ንግግሩን የምጽፈው ለሰብሳቢያችን ነው፤ ምልክቶቹን ጮክ ብለው ቢያነቧቸውስ?

ይህ ደርሶብኛል። ምልክቶቹን በጥቁር ቀለም፣ ከንግግሩ ጋር በአንድ መጠን ታይፕ አድርጌ ለአንድ የተከበሩ አባት ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም «አብረን ቀብረናል፤ ዝም» ብለው አነበቡ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያፈሩት ግን እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው ስጽፍ ምልክቶቹን በጽሑፉ መሐል አላስገባም። የግራውን ኅዳግ ሰፋ አድርጌ ትቼ እዚያ ላይ በእጄ፣ በቀይ እጽፋቸዋለሁ፤ ቀና የሚባልባቸውን ቃላት ደግሞ ከሥራቸው አሰምርባቸዋለሁ። ወረቀቱንም ከጉባኤው በፊት ባለው ምሽት ቤታቸው ይዤ ሄጄ አንድ ጊዜ አብረን እናነበዋለን። እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ ክፍሉ ጥግ ላይ «ኋላ ግራ» ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ካላዩኝ እጄን አነሣለሁ።